እርማት፦ 5 ሰከንድ «ቀስ ብሎ» አይደለም

«የውሃ መስመራችን 3 ኪሎ ሜትር የብረት ቧንቧ ነው። ቫልቩን በ5 ሰከንድ፣ ቀስ ብለን ስለምንዘጋው የግፊት ምት አያሰጋንም።»

ያሰጋችኋል። ቫልቩ ፍሰቱን ሲያቆም የሚፈጠረው የግፊት ሞገድ በብረት ቧንቧ ውስጥ በሰከንድ 1000 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ከቫልቩ ተነስቶ ውሃው የሚመጣበት ገንዳ ጋ ደርሶ ለመመለስ 6 ሰከንድ ይፈጅበታል። ግፊቱን የሚያረግበው ይኸው ተመላሽ ሞገድ ነው። እሱ ሳይደርስ ከተዘጋ፣ በ5 ሰከንድም ሆነ በቅጽበት ቢዘጋ ቫልቩ ላይ የሚያርፈው ምት ያው ነው። ውሃው በሰከንድ 1.5 ሜትር ይፈስ ከነበረ፣ በነባሩ ግፊት ላይ 15 ባር ገደማ ይጨመራል።

የመዝጊያ ጊዜውን ወደ አንድ ደቂቃ አርዝሙት። ጌት ቫልቭ ከሆነ ደግሞ ፍሰቱ በአብዛኛው የሚቆረጠው በመጨረሻዎቹ ዙሮች ስለሆነ፣ መጀመሪያውን አፍጥናችሁ መጨረሻውን አዘግዩ።