ሲስት ባየን ቁጥር ደም መቅዳት ይብቃ

«ሲስት የተገኘባት ሴት ሁሉ የዕጢ ጠቋሚ የደም ምርመራ ማድረግ አለባት፤ ምርመራ ማንንም አይጎዳም።»

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከስታዲየም ወደ ለገሃር በሚወስደኝ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ ሲያደርገው አንድ የፕሮግራሙ እንግዳ ከላይ ያለውን ሲናገሩ ሰማሁ። ሲስት የሚሉት እንቁላል በሚያመነጨው አካል፣ በኦቫሪ ላይ የሚወጣ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ነው፤ የዕጢ ጠቋሚ ደግሞ ካንሰርን ይጠቁማል ተብሎ ደም ውስጥ የሚለካ ነገር። አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት ሴቶችም ተያዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነኝ። ጥርሴን ነክሼ ወረድኩና ቀሪውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ።

«ማንንም አይጎዳም» ለተባለው ምርመራ የምጠራው ምስክር አለኝ። በጥቅምት ማብቂያ ላይ አንዲት የ27 ዓመት ወጣት ከእናቷ ጋር መጣች። ቸርችል ጎዳና ላይ የጽሕፈት መሣሪያ ትሸጣለች። እናትየዋ ገና ሳይቀመጡ «ዶክተር፣ ልጄን ካንሰር ሊሆን ይችላል አሏት» አሉኝና ከፌስታል ሁለት ወረቀት አወጡ። አንደኛው የጥቅምት 18 አልትራሳውንድ ነው፤ በቀኝ ኦቫሪዋ ላይ 4.6 ሴንቲ ሜትር የሆነ «ውስብስብ ሲስት» አለ ይላል። ሁለተኛው ጥቅምት 27 የተቀዳ ደም ውጤት ነው። ሲኤ 125 የሚባለው የዕጢ ጠቋሚ 58 ሆኗል፤ መደበኛው እስከ 35 መሆኑ ተጽፎ ከጎኑ ኮከብ ተደርጎበታል። በእነዚህ ሁለት ወረቀቶች ብቻ የቀዶ ሕክምና ቀን ተቆርጦላታል፤ ኅዳር 5።

ማዘዣው ላይ የመጨረሻው የወር አበባ የመጣበት ቀን የሚሞላበት አንድ መስመር አለ። ባዶ ነው። «መቼ ነበር?» ብዬ ስጠይቃት ስልኳን ከፍታ ቆጠረችልኝ፤ መስከረም 28 መጣ፣ ቀጥሎ ደግሞ ጥቅምት 26።

እንግዲህ አብረን እንቁጠር። አልትራሳውንዱ የተነሣው በዑደቷ 21ኛ ቀን ላይ ነው። በዚያን ጊዜ እንቁላሉ ወጥቷል። እንቁላሉን ይዞት የነበረው ከረጢት ግን ወዲያው አይጠፋም፤ ኮርፐስ ሉቲየም ወደሚባል ሆርሞን አመንጪ ይለወጣል። ይህ አካል በደም ሥር የተሞላ ስለሆነ አንዳንዴ ወደ ውስጡ ይደማል። ያን ጊዜ ያብጣል፣ ያማል፣ በአልትራሳውንድም ጥርት ያለ ውሃ መስሎ አይታይም። «ውስብስብ» የሚለው አስደንጋጭ ቃል ከዚህ የመጣ ነው። ራሴ ደግሜ ሳያት ውስጡ የሸረሪት ድር በመሰሉ ቀጫጭን ክሮች የተሞላ ነበር፤ አንድ ጥግ ላይም የረጋ ደም ተቀምጧል። መሣሪያውን ጫን ሳደርገው የረጋው ደም እንደ እርጎ ተንቀጠቀጠ። የደም ፍሰትን በሚያሳየው ዶፕለር ሳየው ደም የሚፈሰው በግድግዳው ዙሪያ እንጂ ውስጡ አይደለም። የሚያስፈራኝ ነገር ቢሆን ኖሮ ከግድግዳው ወደ ውስጥ የበቀለ፣ ተጭኜው የማይነቃነቅ፣ የራሱ የደም ፍሰት ያለው ሥጋ አይ ነበር።

የደሙ ነገር ይብሳል። የተቀዳው በወር አበባዋ በሁለተኛው ቀን ነው። ሲኤ 125 የኦቫሪ ካንሰር የግል ንብረት አይደለም፤ የማህፀንና የሆድ ዕቃ ሽፋኖች ሲቆጡም ይወጣል። በወር አበባ፣ በእርግዝና፣ የማህፀን ውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ በሚበቅልበት ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ በማህፀን ዕጢ፣ በማህፀን አካባቢ ኢንፌክሽን ከፍ ይላል። የሆድ ቲቢ ደግሞ ሆድ ውስጥ ውሃ አስቋጥሮ ጠቋሚውን በመቶዎች ሊያደርሰው ስለሚችል ቁርጥ ካንሰር ይመስላል። ቲቢ በማይጠፋበት አገር ይህን ቁጥር ብቻውን ይዞ ሰው ማስደንገጥ ምን ይባላል?

የሬዲዮው እንግዳ ቁጥር ስለሚወዱ በቁጥር ልመልስላቸው። ሐኪሞች አርኤምአይ የሚሉት የታወቀ ስሌት አለ። ሦስት ነገር ይባዛል፤ የአልትራሳውንዱ ነጥብ፣ የዕድሜ ነጥብ እና ሲኤ 125። በአልትራሳውንድ የሚፈለጉት ምልክቶች አምስት ናቸው፤ ብዙ ክፍል ያለው ሲስት፣ ሥጋ ያለው ሲስት፣ በሁለቱም ወገን መኖር፣ ሆድ ውስጥ የቋጠረ ውሃ እና ወደ ሌላ ቦታ የተሰራጨ ነገር። ምንም ከሌለ ዜሮ፣ አንድ ካለ 1፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ካለ 3 ይሰጣል። የወር አበባ የምታይ ሴት በ1፣ ያረጠች ሴት በ3 ትባዛለች። የእኔ ታካሚ ዜሮ ሲባዛ በ1 ሲባዛ በ58፤ ዜሮ። ደሟ 580 ቢሆንም ያው ዜሮ ነው። አሁን የወር አበባ ከተቋረጠባት አሥር ዓመት ያለፋት የ61 ዓመት ሴት አስቡ፤ ሲስቷ ብዙ ክፍልና ሥጋ አለው፣ ደሟም እዚያው 58 ነው። 3 ሲባዛ በ3 ሲባዛ በ58፣ 522 ይሆናል። ከ200 በላይ የሆነች ሴት በቀጥታ ወደ ካንሰር ቀዶ ሐኪም ትላካለች። አንዱ 58 ወደ ቤት ይመልሳል፣ ሌላው 58 ወደ ካንሰር ሐኪም ያስኬዳል። ምስሉን ሳያዩ ቁጥሩን ማንበብ ፖስታውን ሳይከፍቱ ደብዳቤውን እንደማንበብ ነው።

«ግን ካንሰሩን ቀድሞ ቢይዘውስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ገና በመጀመሪያው ደረጃ ካለው የኦቫሪ ካንሰር ግማሽ ያህሉ ሲኤ 125ን ከፍ አያደርግም። ያ ማለት የታመመችውን «ነጻ ነሽ» ብሎ ሊሸኛት ይችላል ማለት ነው። «አይጎዳም» ለሚሉት ደግሞ በ2011 ውጤቱ የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 74 የሆኑ 78,216 ሴቶች የተካተቱበት ሲሆን ግማሾቹ በሲኤ 125 እና በአልትራሳውንድ በየጊዜው ተመረመሩ። በካንሰር መሞት አልቀነሰም። ካንሰር ሳይኖርባቸው ምርመራው «አለ» ያላቸው 3,285 ሴቶች ነበሩ፤ ከእነዚህ 1,080ዎቹ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፣ 15 በመቶ ያህሉም ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው። ይህ በዕድሜያቸው ለካንሰር በተጋለጡት ላይ ነው። ገና ላልወለደች የ27 ዓመት ልጅ ኪሳራው ምን ያህል እንደሚሰፋ ለአንባቢ እተወዋለሁ፤ ከኦቫሪ ላይ ሲስት ሲላጥ እንቁላል የያዘ ጤነኛ ሥጋ አብሮ ሊሄድ ይችላል።

አዎ፣ ቢላዋ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ሲስት ያለባት ሴት በድንገት ከባድ የሆድ ሕመም ይዟት የምታስመልስ ከሆነ ኦቫሪዋ ተጠማዝዞ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ሌሊት ወደ ቀዶ ሕክምና ትገባለች እንጂ ሳምንት አትጠብቅም። ከ7 ሴንቲ ሜትር ያለፈ፣ ሳይጠፋ እያደገ የሚሄድ ወይም ሥጋ ያለው ሲስትም ዝም ተብሎ አይታለፍም። ከ40 ዓመት በታች የሆነች ሴት ሥጋ ያለው ዕጢ ከተገኘባት የደም ምርመራውን እኔም አዛለሁ፤ ያኔ ግን ኤኤፍፒ፣ ኤችሲጂና ኤልዲኤች የሚባሉትን ሌሎች የደም ጠቋሚዎችም እጨምራለሁ፣ በዚያ ዕድሜ የሚፈራው ዕጢ ሌላ ነውና። ይህን ሁሉ የሚወስነው ምስሉና ዕድሜዋ ነው።

የወረቀት ሻጯን ለኅዳር 29 ቀጠርኳት፤ የወር አበባዋ በገባ በስድስተኛው ቀን፣ አዲስ ኮርፐስ ሉቲየም ሳይፈጠር። እውነቱን ለመናገር ሲስቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች ስለነበር መመሪያው ድጋሚ አልትራሳውንድ አይጠይቅም። ያዘዝኩት ለእናትየዋ እንቅልፍ ብዬ ነው። ቀኝ ኦቫሪዋ ላይ ከትናንሽ የእንቁላል ከረጢቶች በቀር ምንም አልነበረም። «የት ሄደ?» አለችኝ። «ሰውነትሽ መጠጠው» አልኳት። እናትየዋ ለቀዶ ሕክምናው ያስያዙት ገንዘብ ግን እስካሁን አልተመለሰላቸውም።