ብሩ የወሰደባችሁን ነግራችሁናል፤ የሰጣችሁስ የት ገባ?

«ሽያጫችን በ16 በመቶ አድጓል። ትርፋችን የቀነሰው በውጭ ምንዛሪ ለውጥ ብቻ ነው። ጉዳቱ የአንድ ጊዜ ስለሆነ በቀጣዩ ሩብ ዓመት ወደ ቦታችን እንመለሳለን። ባለአክሲዮኖቻችን በትዕግሥት እንድትጠብቁንና አዲስ የቀረበውን አክሲዮን በመግዛት ከጎናችን እንድትቆሙ እንጠይቃለን።»

አክሲዮን የገዛሁበት ኩባንያ ቦርድ የላከልን ደብዳቤ እንዲህ ይላል። አንድም እውነተኛ ማብራሪያ የለበትም። ደብዳቤው የደረሰኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በአራተኛው እስክሪብቶና ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ፤ ያኔ ነው የተናደድኩት።

የኩባንያውን ስም አልጠራም። እዚሁ ድሬዳዋ ፕላስቲክ ጀሪካን የሚያመርት አክሲዮን ማኅበር ነው። ባለአክሲዮኖቹ አብዛኞቻችን ደመወዝተኞች፣ የሱቅ ባለቤቶችና ጡረተኞች ነን። ከዚራ ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑት የባቡር ጡረተኛ ደብዳቤውን ይዘው መጡና «ልጄ፣ በአጭሩ ንገረኝ፤ አትርፈናል ወይስ ከስረናል?» አሉኝ። ለእሳቸው የምመልሰውን ነው እዚህ የምጽፈው።

መጀመሪያ ያቺን «ሽያጫችን አድጓል» የምትለዋን እንያት። አምና በዚህ ሩብ ዓመት ሽያጩ 80 ሚሊዮን ብር ነበር። ዘንድሮ 92.8 ሚሊዮን ሆኗል። እውነት ነው፣ በ16 በመቶ ይበልጣል። ነገር ግን ከደብዳቤው ጀርባ፣ በደቃቅ ፊደል፣ የተሸጠው ጀሪካን ብዛት ተጽፏል። አምና 400 ሺህ፤ ዘንድሮ 320 ሺህ። ማካፈል የሚችል ሰው ቀሪውን ራሱ ያገኘዋል። አምና አንዱ ጀሪካን በ200 ብር ተሸጧል፣ ዘንድሮ በ290። ያደገው ዋጋው ነው። ከአምስት ደንበኛ አንዱ ሄዷል። ደንበኛ የሸሸውን ድርጅት አድጓል ብሎ መጻፍ ድፍረት ነው።

ደንበኛው የት እንደሄደ ለማወቅ ቀፊራ ገበያ ድረስ ሄድኩ። አንዲት እናት መሬት ላይ ያገለገሉ ቢጫ የዘይት ጀሪካኖች ደርድረው ይሸጣሉ። በአሸዋና በሳሙና ፈትገው ያጠቡታል፤ ክዳኑ ላይ ላስቲክ ያስሩበታል። አንዱን አንስቼ አሸተትኩት፤ ዘይት ዘይት ይላል፣ ውኃ ግን ይይዛል። የአዲሱን ስጠይቃቸው «አዲሱን አሁን ማን ይገዛል፣ ወንድሜ? ሰው የዘይቱን ለምዷል» አሉኝ። የድርጅታችን ተፎካካሪ ይህ ነው። ደብዳቤው ውስጥ አንድም ቃል አልተጻፈበትም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ምንዛሪው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ለገበያ ሲለቅ ዶላር 58 ብር ገደማ ነበር። ሩብ ዓመቱ መስከረም 30 ቀን 2017 ሲዘጋ እጥፍ ገደማ ሆኖ ነበር። ለስሌቱ 115 እንበል። ድርጅቱ ለጥሬ እቃ አቅራቢው 100 ሺህ ዶላር ዕዳ አለበት። ዕዳው ሰኔ 30 በመዝገብ ላይ 5.8 ሚሊዮን ብር ነበር። መስከረም 30 ሲመነዘር 11.5 ሚሊዮን ሆነ። ልዩነቱ 5.7 ሚሊዮን ነው። እሱ ከትርፍ ላይ ተቀነሰ። ከግብር በፊት ያለው ትርፍ አምና 12 ሚሊዮን ነበር፣ ዘንድሮ 4 ሚሊዮን ቀረ።

መጀመሪያ ነገር፣ «ብቻ» የምትለዋ ቃል በራሳቸው ቁጥር ትወድቃለች። ትርፉ የወረደው በ8 ሚሊዮን ነው። ምንዛሪው የበላው 5.7 ነው። ቀሪውን 2.3 ሚሊዮን ማን በላው? ቦርዱ ይህን ሳይጠየቅ መመለስ ነበረበት። እኔን ያቃጠለኝ ግን ይህ አይደለም።

ብሩ ሲወርድ ድርጅቱ ዕዳ ብቻ አልነበረውም። መጋዘን ውስጥ ጥሬ እቃም ነበረው። ያ ጥሬ እቃ በድሮው ምንዛሪ የተገዛ ነው። የዓመቱ ሪፖርት ላይ ለአንድ ወር ምርት የሚበቃ ክምችት እንዳለ ተጽፏል፤ ለአንድ ጀሪካን የሚገባው ጥሬ እቃም 100 ብር እንደሚያወጣ ተነግሮናል። ይኸው የአሁኑ ደብዳቤ ደግሞ «የጥሬ እቃ ዋጋ እጥፍ ሆኗል» ይላል። ስለዚህ አሁን 200 ብር ነው።

የተሸጠው 320 ሺህ ጀሪካን ነው። ሲሶው፣ ማለትም 107 ሺህ ያህሉ፣ በ100 ብር ጥሬ እቃ ተሠርቶ በ290 ብር ተሸጠ። ያው ጀሪካን በአዲሱ ጥሬ እቃ ቢሠራ 200 ብር ይፈጅ ነበር። በእያንዳንዱ ላይ 100 ብር ተጨማሪ ተገኘ ማለት ነው። 107 ሺህ ጊዜ 100፣ 10.7 ሚሊዮን ብር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የምንዛሪው ለውጥ በዚህ ሩብ ዓመት 5.7 ሚሊዮን ወሰደ፤ 10.7 ሚሊዮን ሰጠ። ተቀናንሶ 5 ሚሊዮን ጠቅሟቸዋል! ጎዳን ብለው ደብዳቤ የጻፉልን በጠቀማቸው ነገር ነው።

አንዱ ታይቶ ሌላው የተደበቀበት ምክንያት አለ። በሒሳብ አያያዝ ደንቡ፣ በአይኤፍአርኤስ፣ በዶላር ያለ ዕዳ በየሒሳብ መዝጊያው በዕለቱ ምንዛሪ ይሰላል። ልዩነቱም «የምንዛሪ ኪሳራ» ተብሎ ለብቻው ይገለጻል። የመጋዘን እቃ ግን በተገዛበት ዋጋ እንዳለ ይቀመጣል። ሲሸጥ ያ ርካሽ ዋጋ «የተሸጡ እቃዎች ወጪ» ውስጥ ገብቶ ይሟሟል። ለብቻው የሚታይ መስመር የለውም። ደንቡን አልከስም፤ ሒሳብ ሠሪውም ጥፋት የለበትም። ግን ለባለአክሲዮን የሚጻፍ ደብዳቤ የሒሳብ ሠንጠረዥ አይደለም፤ ማብራሪያ ነው። ማብራሪያ ደግሞ የተደበቀውን መስመር ማውጣት አለበት። የቦርዱ ሰዎች ይህን አያውቁም ብዬ አላምንም። የሚያውቁት ነገር ነው። የተጻፈልን የሚመቸው ግማሽ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሁለቱንም የአንድ ጊዜ ነገሮች እናውጣቸው። ከ4 ሚሊዮኑ ትርፍ ላይ የርካሹን ክምችት 10.7 ቀንሱ። የዕዳውን 5.7 መልሱ። የሚቀረው 1 ሚሊዮን ብር ኪሳራ ነው። ለጡረተኛው ጎረቤቴ የምነግራቸው መልስ ይህ ነው፤ አባባ፣ በወረቀቱ አትርፈናል፣ በሥራው ከስረናል።

«በቀጣዩ ሩብ ዓመት ወደ ቦታችን እንመለሳለን» የሚለውም ከዚሁ ይፈርሳል። ርካሹ ክምችት አልቋል። ከአሁን በኋላ የሚሸጠው ሁሉ በ200 ብር ጥሬ እቃ የሚሠራ ነው። በ290 ሲሸጥ 90 ብር ይቀራል። ከዚያች 90 ብር ላይ ነው ደመወዝ፣ መብራት፣ ነዳጅና የባንክ ወለድ የሚከፈለው። እነዚህ ወጪዎች በሩብ ዓመት 30 ሚሊዮን ገደማ ይደርሳሉ። 30 ሚሊዮንን ለ90 ስናካፍል 333 ሺህ ይመጣል። ምንም ሳያተርፉ፣ ምንም ሳይከስሩ ለመዋል ብቻ 333 ሺህ ጀሪካን መሸጥ አለባቸው። አሁን የሸጡት 320 ሺህ ነው። ወደ አምናው 12 ሚሊዮን ለመመለስ ደግሞ 467 ሺህ ያህል ያስፈልጋል። አምና፣ ዋጋው 200 ብር በነበረበት ጊዜ እንኳን 400 ሺህ ነው የሸጡት።

ደብዳቤው ውስጥ «የማገገሚያ ዕቅድ» የሚል ርዕስ አለ። ከሥሩ «ምርት ማሳደግ፣ ገበያ ማስፋት፣ ካፒታል ማጠናከር» ተብሏል። ስንት ጀሪካን? በስንት ብር? ለማን? አልተጻፈም። ዋጋ ጨምሩ ብል ያቺ የቀፊራ እናት ትዝ ትለኛለች፤ 20 ብር በተጨመረ ቁጥር ወደ እሳቸው የሚሄደው ሰው ይበዛል። ከአንዱ ጀሪካን ላይ ጥሬ እቃ መቀነስ ይቻላል፤ ግን ግድግዳው ይሳሳና አህያ ላይ ተጭኖ ሲጋጭ ይሰነጠቃል። ውኃ በጀሪካን የሚቀዳ ሰው አንዴ ከፈሰሰበት ያንን ምልክት ሁለተኛ አይገዛም። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ይገባኛል። ለዚያ ነው ቁጥር የምንጠይቀው።

«ካፒታል ማጠናከር» የተባለውን ደግሞ አስተውሉት። ያ 100 ሺህ ዶላር ዕዳ ገና አልተከፈለም። እስኪከፈል ድረስ ዶላር አንድ ብር በጨመረ ቁጥር ዕዳው በ100 ሺህ ብር ያድጋል። ስለዚህ ጉዳቱ «የአንድ ጊዜ» የሚሆነው የተከፈለ ዕለት ነው። ለመክፈል 11.5 ሚሊዮን ብር በእጅ ያስፈልጋል። እንዲሸጥ የቀረበው አዲስ አክሲዮን ስንት ነው? 12 ሚሊዮን። የእኛ ገንዘብ ለማስፋፊያ ሳይሆን ለአቅራቢው ሊሄድ ነው። ዕዳ መክፈል ነውር የለውም። ነውሩ «ካፒታል ማጠናከር» ብሎ መጥራቱ ነው።

አዲስ አክሲዮን ሲወጣ ነባር ባለአክሲዮን በንግድ ሕጉ የቅድሚያ መብት አለው። መብቱ የሚጠቅመው ግን የሚገዛውን ለሚያውቅ ሰው ነው። ያልገዛ ደግሞ ድርሻው ይሳሳል፤ ትርፉ ቢመጣ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል። ጡረተኛውን «ግዛ፣ አለዚያ ድርሻህ ያንሳል» በሚል ጥግ አስይዞ፣ ስለ ዕዳው ዝም ማለት ታማኝነት አይደለም።

ከቦርዱ የምፈልገው ግማሽ ገጽ ነው። ስንት ጀሪካን ተሸጠ፣ አንዱ በስንት ተሸጠ፣ ለአንዱ ጥሬ እቃ ስንት ወጣ፣ ስንት ዶላር ዕዳ ቀረ። አምናና ዘንድሮ ጎን ለጎን። እነዚህን የያዘ ሰው የቀረውን ራሱ ያሰላዋል። እንደሚያስጨንቃቸው አውቃለሁ፤ ያስጨንቃቸው። ገንዘቡ የእኛ ነው።

ጎረቤቴ ስሌቱን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። የ10.7ቷን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ከደብዳቤው ጋር የመጣውን የአክሲዮን መግዣ ቅጽ ሳይሞሉ አራት አጥፈው ኮታቸው ኪስ ከተቱት። «የታኅሣሡ ደብዳቤ እስኪመጣ እዚህ ይቆይ» አሉኝ። የእኔም ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ባዶውን ነው።