ሳህኑን ተዉት፣ መጀመሪያ ብርጭቆውን ቀንሱ

«ክብደት ልቀንስ ብዬ ምሳዬን በግማሽ አደረግኩ። ቀኑን ሙሉ ይርበኛል፣ ማታ ደግሞ ያገኘሁትን ሁሉ እበላለሁ። ምን ይሻለኛል?»

ምሳሽን እንደ ድሮው ብዪ። መቀነስ ያለበት ስኳር ያለው መጠጥና የ10 ሰዓቱ ጣፋጭ ነው። ሁለቱም ካሎሪ ያስገባሉ እንጂ ሆድ አይዙም፣ በተለይ መጠጡ። ምሳ ላይ ለስላሳ ስለጠጣ ብሎ እንጀራ የሚቀንስ ሰው አይቼ አላውቅም። ፈሳሽ ስኳር ቶሎ ያልፋል፣ የጥጋብ ስሜትም አይሰጥም፤ ስለዚህ ምሳው ላይ ይደመራል እንጂ ምሳውን አይተካም።

አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ አንድ ሰው እንውሰድ። ጠዋት ሻይ፣ 4 ሰዓት ላይ ሻይ፣ 10 ሰዓት ላይ ሻይ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር። ምሳ ላይ አንድ ጠርሙስ ኮካ። ከ10 ሰዓቱ ሻይ ጋር ደግሞ አንድ ቦምቦሊኖ። ያልተከመረ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው፣ 16 ካሎሪ። ዘጠኙ ማንኪያ 145 ገደማ ይመጣል። 300 ሚሊ ሊትሩ ኮካ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ፣ ወደ 130 ካሎሪ። ቦምቦሊኖው እንደ መጠኑና እንደጠጣው ዘይት ይለያያል፣ 250 ብንለው አልተጋነነም። ድምሩ ከ500 ያልፋል፤ ሰውየው ግን ማታ ቤቱ የሚገባው እየራበው ነው።

አሁን ምሳውን ሳንነካ እንቀይርለት። በኮካው ፋንታ አምቦ ውሃ፣ ከፈለገ ሎሚ ጨምቆበት። ጋዙም ቅዝቃዜውም አለ፣ ካሎሪው ዜሮ። በቦምቦሊኖው ፋንታ ግማሽ ኩባያ የሽምብራ ንፍሮ፣ 130 ካሎሪ አካባቢ። ሻዩ ሦስት ጊዜ ይቀጥላል፣ ግን በአንድ አንድ ማንኪያ። ሁሉም ተደምሮ 180 ገደማ ነው። ከ300 በላይ ቀነሰ፣ ንፍሮው ደግሞ ፕሮቲንና አሰር ስላለው እስከ ራት ያደርሰዋል።

የሻዩ ነገር ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከሦስት ማንኪያ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ የወረደ ሰው ሻዩ ውሃ ውሃ ይለዋል፣ በሦስተኛው ቀን ይተወዋል። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ፣ ምላስ ይለምዳል። ቀረፋና ቅርንፉድ በደንብ የፈላበት ሻይ ከሆነ ደግሞ የስኳሩ መጉደል ብዙም አይሰማም። ሻይ ቤት ስትገቡ ገና ሳይቀዳ «ስኳሩን ለብቻው» በሉ። ብዙ ቦታ ስኳሩ ብርጭቆው ውስጥ ቀድሞ ይገባል፤ ጠጥታችሁ ስትጨርሱ ሥሩ ላይ ያልሟሟ ስኳር ከቀረ ምን ያህል እንደነበረ እሱ ይነግራችኋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቆሎ ላይ ነው። ቆሎ ጥሩ መክሰስ ነው፣ ማኘኩ ራሱ ያዘገያል፣ ግን ደረቅ ስለሆነ 100 ግራሙ ወደ 400 ካሎሪ ይጠጋል፣ ኦቾሎኒ ከበዛበት ያልፋል። የተቀቀለ ሽምብራ 100 ግራሙ 160 አካባቢ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ውሃው ነው፤ ንፍሮ ሆድ ውስጥ ቦታ ይይዛል። ቆሎ ከሆነ በቡና ስኒ ሰፍራችሁ ብሉ፣ ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ከሆነ ግን ሥራ ላይ እያላችሁ ሳታውቁት ያልቃል።

ጭማቂም እንደዚያው ነው። «ፍራፍሬ ነው» ተብሎ ስፕሪስ ይታዘዛል፣ ላዩ ላይ ደግሞ ስኳር ወይም ሽሮፕ ይጨመራል። አንድ ብርቱካን ከነሥጋው ስትበሉት 60 ካሎሪ ገደማ ነው፣ ያጠግባልም። አንድ ብርጭቆ ጭማቂ ግን የብዙ ብርቱካን ስኳር ይዞ፣ አሰሩ አብዛኛው ተጥሎ፣ በሁለት ደቂቃ ይጠጣል።

ስኳር አልባ የሚባሉት ለስላሳዎችስ? በቀን ሁለት ጠርሙስ ለለመደ ሰው መሸጋገሪያ ቢሆኑ አልቃወምም። ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ክብደትን ለመቆጣጠር ሲባል ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ እንዳይወሰድ መክሯል (ምክሩ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም)፣ ምላስም ከጣፋጭ አይላቀቅም። ለእኔ አምቦ ውሃ ይበልጣል። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የምትወስዱ ደግሞ ለውጡን ከሐኪማችሁ ጋር አድርጉት፤ ስኳራችሁ ድንገት ሲወርድ የሚያስፈልገው ትክክለኛው ስኳር ነው፣ ስኳር አልባው አያድንም።

ለውጡ መሥራቱን በረሃቡ ሰዓት ታውቁታላችሁ። 10 ሰዓት ላይ ትንሽ ቢርባችሁ ጤነኛ ነገር ነው፣ ለዚያ ነው ንፍሮው። 8 ሰዓት ላይ፣ ምሳ በበላችሁ በሰዓቱ የሚርባችሁ ከሆነ ግን ምሳው አንሷል፤ ሽሮ ወይም ምስር ጨምሩበት፣ ጎመንም አብዙ። ማታ ከወትሮው እጥፍ የምትበሉ ከሆነም ቀን ላይ ከመጠን በላይ ቀንሳችኋል ማለት ነው፤ የ10 ሰዓቱን ንፍሮ ወደ አንድ ሙሉ ኩባያ አሳድጉትና ሌላውን እንዳለ ተዉት።