ኮፍያ የለም፣ ውርርድ፣ የራስ ቅል

ለዓመታት የልደት ምስክር ወረቀት፣ ውክልናና የትምህርት ማስረጃ ስተረጉም የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ሰባት አጫጭር መስመሮች ብቻ ያሉበት ወረቀት ሲቀርብልኝ በአንድ ትንፋሽ የማልጨርሰው አልመሰለኝም ነበር። ወረቀቱን ይዘው የመጡት አንድ ጠና ያሉ አባት ናቸው። ራቅ ብሎ የሚኖር ልጃቸው ገንዘብ እንዲልኩለት ይጠይቃቸውና፣ «ያበደርኩት ሰው ሲመልስልኝ እከፍላለሁ፤ ማስረጃው ይኸው» ብሎ ከጓደኛው ጋር የተጻጻፈውን የስልክ ምልልስ ስክሪንሾት ይልክላቸዋል። እርሳቸው ደግሞ ምልልሱን በጥቁርና ነጭ አሳትመው፣ ለአንድ እንግሊዝኛ አውቃለሁ ባይ ሰጥተው አስተርጉመውታል። ወደ እኔ ያመጣቸው ያ ትርጉም ነው።

ዋናው ምልልስ ይህ ነበር፤ በቀኝ በኩል ያለው የልጃቸው፣ በግራ በኩል ያለው የተበዳሪው ነው። ከአናቱ ላይ፣ የተበዳሪው ስም በሚቀመጥበት ቦታ፣ የፍየል ሥዕል ነበረበት።

```
ቀኝ፦ yo u got my 💰? need it ngl
ግራ፦ ik ik. sending fri no cap
ቀኝ፦ bet
ግራ፦ lowkey broke rn 😭
ቀኝ፦ 💀💀
ቀኝ፦ smh dont ghost me
ግራ፦ 👍
```

የመጀመሪያው ተርጓሚ ቀኝና ግራ የሚባል ነገር ትዝ ሳይለው ሁሉንም ባንድ ረድፍ ደርድሮ እንዲህ ጽፎላቸዋል፦ «ፍየል። ዮ፣ ገንዘቤን አገኘሽ? ያስፈልገኛል ኤንጂኤል። አይኬ አይኬ። ዓርብ እልካለሁ፣ ኮፍያ የለም። ውርርድ። ዝቅተኛው ቁልፍ ተሰበረ፣ ለቅሶ። የራስ ቅል፣ የራስ ቅል። ኤስኤምኤች፣ መንፈስ አታድርጊኝ። አውራ ጣት።»

እኒህ አባት ይህን ለሦስት ሌሊት ካነበቡ በኋላ የደረሱበት መደምደሚያ፣ በእውነቱ ከሆነ፣ ከወረቀቱ ሊገኝ የሚችል ብቸኛው መደምደሚያ ነው። ልጃቸው ፍየል በምትባል ሴት ፍቅር ወድቋል፤ ከእርሷ ጋር ቁማር ይወራረዳል፤ የሆነ ቤት ታችኛው ቁልፍ ተሰብሮ ተገብቷል፤ በዚህም መካከል ሁለት ሰው ሞቷል። የኮፍያው ነገር ብቻ አልገባቸውም። እናትየው ግን ከሟቾቹ ይልቅ ያስጨነቃቸው «አገኘሽ» ላይ ያለችው «ሽ» ናት።

«ታዲያ ልጅዎን ለምን አይጠይቁትም?» አልኳቸው።

«ጠይቄው ነበር። nvm ብሎ መለሰልኝ። እርሱንም አብረህ ተርጉምልኝ።»

ይህቺ nvm «ተዉት፣ ግድ የለም» ለማለት የምትጻፍ ናት፤ ሁለት ሞት ለሚጠራጠር አባት የምትሰጥ መልስ ግን አይደለችም።

የዚህ ዓይነት ወረቀት ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማደርገው ወደ አማርኛ መቸኮል ሳይሆን፣ አጽሕሮቶቹን እዚያው በራሳቸው ቋንቋ ወደ ሙሉ ሐረግ መመለስ ነው፤ ያልተፈታ ነገር ሲተረጎም የሚወጣው «ኤንጂኤል» ነውና። ngl «አልዋሽም» ከሚለው ሐረግ የተለቀሙ ሦስት ፊደላት ናቸው፤ ik «አውቃለሁ»፣ rn «አሁን» ነው፤ fri ደግሞ ዓርብ። በአናት ላይ ያለችውም ፍየል የዚሁ ዘር ናት፤ «የዘመናት ሁሉ ታላቅ» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ አራት የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ ፍየል የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ስለሚሰጡ፣ ወጣቶች የሚያደንቁትን ሰው በፍየል ሥዕል ይጠሩታል። ያ ስም የስልኩ ባለቤት ለሌላው ሰው የመዘገበው መጠሪያ ስለሆነ፣ ልጁ ተበዳሪውን አክብሮ እንጂ ሰድቦ አልጻፈም። በአማርኛ «ፍየል» ተብሎ የተጻፈለት ሰው ይህን ክብር ቢቀበል ግን ይገርመኛል።

ከዚህ በኋላ የሚመጡት ቃላት ከአጽሕሮቶቹ ይልቅ አደገኛ ናቸው፤ ምክንያቱም መዝገበ ቃላት ውስጥ ተገኝተው፣ ተርጓሚውን አግኝቻቸዋለሁ የሚያሰኙ ናቸው። ኤንጂኤልን ያየ ሰው ቢያንስ አለማወቁን ያውቃል፤ bet የሚለውን ያየ ግን «ውርርድ» ብሎ በልበ ሙሉነት ይጽፍና የአንድን ሰው ብድር የቁማር ዕዳ አድርጎት ያርፋል። ቃሉ በወጣቶቹ አፍ «እሺ፣ ይሁን» ማለት ብቻ ነው። cap ውሸት ነው፤ ስለዚህ የሌለው ኮፍያ ሳይሆን ውሸት ነው። broke ቁልፍ አልሰበረም፤ እኛ የነጣ ደሃ የምንለውን ዓይነት ኪስ ነው የሚናገረው፤ ከፊቱ ያለችው lowkey ደግሞ ነገሩን ዝቅ አድርጎ፣ ድምፅን ቀንሶ የማመን ቃና ናት። እኔ የማውቅበት አንድ ምልክት አለኝ፦ መስመሩ በቀጥታ ሲተረጎም ከላይኛውም ከታችኛውም መስመር ጋር ካልተያያዘ፣ የቃሉ ትርጉም የተሳሳተ ነው። ስለ ገንዘብ የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች መካከል ኮፍያ በድንገት ብቅ ካለ፣ ጥፋቱ የኮፍያው አይደለም።

smh ላይ ግን እኔም ቆየሁ። ሐረጉ ሲፈታ «ራሴን እየነቀነቅኩ ነው» ይላል፤ ችግሩ አማርኛ ውስጥ ራስ መነቅነቅ ለእሺታም ለእምቢታም መዋሉ ነው። ቃል በቃል ብተረጉመው ልጁ በተበዳሪው ንግግር የተስማማ ሊመስል ነው። እንግሊዝኛው የሚለው ግን ሰው ሌላውን አይቶ፣ ምንም ሳይናገር፣ በልቡ ሲመዘግብበት የሚሰማውን ነው። ለዚህ አማርኛ ከማንም ሳይበደር የያዘው ቃል አለ፤ ትዝብት። ሦስት ፊደል በሦስት ፊደል አልተተካም እንጂ፣ የዚያን ቀን ሥራዬ ውስጥ እንደዚህ ቃል የተመቸኝ የለም።

ወደ ሥዕሎቹ ስንመጣ፣ የራስ ቅሉ ያን ያህል አላስቸገረኝም። ዛሬ ወጣቶች የራስ ቅል የሚልኩት በሳቅ ሲሞቱ ነው፤ እኛም «ሳቅ ገደለኝ» ስንል ማንም አስከሬን ፍለጋ አይወጣም። ሁለት መሆናቸው ሳቁን ያበዛዋል እንጂ ሟቹን ሁለት አያደርገውም። እንደ ፈረንጆቹ በ2015 የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች የዓመቱ ቃል ብለው የመረጡት 😂 ሥዕልን ነበር፤ ያንን ገና ለምደን ሳንጨርስ ልጆቹ የወላጅ ሳቅ ነው ብለው ተዉትና ወደ ራስ ቅሉ ተሻገሩ። ምርር ብሎ የሚያለቅሰው 😭 እንኳ አንዳንዴ ለሳቅ ይላካል። እዚህ ላይ ግን የተላከው «ባዶ ኪስ ነኝ» ካለው ሰው ስለሆነ፣ ሐዘንና ቀልድ ተቀላቅሎበታል፤ በምን ያህል መጠን እንደ ተቀላቀለ ላኪው ብቻ ያውቃል። እንዲህ ሲሆን ሥዕሉን በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ «የሚያለቅስ ፊት ሥዕል» ብዬ እገልጸዋለሁ፤ ያየሁትን በጽሑፉ ውስጥ፣ የገመትኩትን በግርጌ ማስታወሻ አስቀምጣለሁ።

ለአውራ ጣቱም ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ለዚያውም በፍርሃት። በካናዳ ሳስካቿን ክፍለ ግዛት አንድ እህል ገዢ የተልባ ሽያጭ ውል በስልክ ልኮ እንዲያረጋግጥለት የጠየቀው ገበሬ የመለሰው አንድ 👍 ብቻ ነበር። ገበሬው በኋላ «መልእክቱ ደርሶኛል ማለቴ ነው» ብሎ ቢከራከርም፣ ፍርድ ቤቱ በ2023 ጣቱ ፊርማ ነው ብሎ ከ82,000 የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈረደበት፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2024 አጸናው። ሆኖም ዳኛው ጣቱን ለብቻው አልተረጎመውም፤ ሁለቱ ሰዎች ቀደም ሲል የነበሯቸውን ውሎች «እሺ»ን በመሰለ አጭር መልስ ሲቋጩ እንደ ኖሩ አይቶ ነው። እኔ ዘንድ ያለው ሰባት መስመር ስለሆነና የእነዚህ ሁለት ወጣቶች ያለፈ ታሪክ በእጄ ስለሌለ፣ ማረጋገጥ የምችለው ጣቱ እንደ ራሱ መልእክት መላኩን ብቻ ነበር። ከላይኛው መልእክት ጥግ ላይ የተለጠፈ ቢሆን ኖሮ «አይቻለሁ» ከማለት ብዙም አይርቅም፤ ራሱን ችሎ ሲቆም ግን ወደ «እሺ» ያጋድላል።

የቀረው የእናትየው «ሽ» ነበር። እንግሊዝኛው u ወንድም ሴትም ነው፤ አማርኛ ግን ስለ ገንዘብ ከመጠየቁ በፊት ፆታ ይጠይቃል። ፍየሏ አትናገር፣ አባትየው አያውቁ። «እርስዎ» ብዬ ልሸሽ ስሞክር ሁለቱ ወጣቶች የአምባሳደሮች ደብዳቤ የሚለዋወጡ መሰሉ። ስለዚህ ግማሽ ቀን ፈጅቼ፣ ተነጋጋሪውን በግሥ የማይነካ አማርኛ ፈለግሁና ይህን አስረከብኳቸው፦

ቀኝ፦ «እህ፣ ገንዘቤስ? የምር ያስፈልገኛል።»
ግራ፦ «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ዓርብ እልካለሁ፤ ውሸት የለውም።»
ቀኝ፦ «ይሁን።»
ግራ፦ «ምን ይደበቃል፣ አሁን ኪሴ ባዶ ነው።» [የሚያለቅስ ፊት ሥዕል]
ቀኝ፦ «በሳቅ ሞትኩ።» [ሁለት የራስ ቅል ሥዕል]
ቀኝ፦ «ትርፉ ትዝብት ነው። መጥፋት ግን የለም።»
ግራ፦ [ወደ ላይ የቆመ አውራ ጣት ሥዕል]

አባትየው መነጽራቸውን አውልቀው፣ ወረቀቱን ቀረብ አድርገው አነበቡት። ሟቾቹ ሲነሡ፣ ቁማርተኛው ልጅ አበዳሪ ሲሆን ፊታቸው እየፈታ መጣ። ከዚያ ጣታቸውን «ዓርብ» ላይ አሳረፉ።

«የትኛው ዓርብ?»

ስክሪንሾቱን መልሼ አየሁት። ከምልልሱ በላይ «ዛሬ» ከማለት በቀር ቀን የለበትም፤ ያ «ዛሬ» ደግሞ ሥዕሉ የተነሣበት ዛሬ እንጂ የእኛ ዛሬ አይደለም። ሥዕሉ ራሱ በመልእክት መላኪያ አልፎ ስለ መጣ የተነሣበትን ቀን በሆዱ አልያዘም። ይህን ሳስረዳቸው ስልካቸውን አውጥተው፣ አንዲት ፊደል በአንዲት ጣት እየነኩ፣ ለልጃቸው «ዓርብ ማለት የትኛው ነው?» ብለው ጻፉ። መልሱ ወዲያው ገባ፦ idk 💀።

ስልኩን ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ፣ አያስፈልግም በሚል መለሱኝ።

«አያውቀውም» አሉ፤ «ግን በሳቅ ሞቷል።»