ሲሚንቶ የሌለበት ብሎኬት

«ሰነዱን ያዘጋጀው ባለሙያ ነው፤ እኛ እንደገና አናሰላም። ደግሞስ ግምት አይደል?»

ይህን ያለው ኮምቦልቻ ውስጥ ብድር የሚያጸድቅ ኮሚቴ አባል ነው። በዕለቱ ብሎኬት ለማምረት የተደራጁት ወጣቶች የንግድ ዕቅድ በእጄ ነበር። የሚሸጡት ብዛት ግምት ነው፤ ዋጋውም ግምት ነው። ማካፈል ግን ከመቼ ወዲህ ነው ግምት የሆነው?

ዕቅዱ በወር 2,000 ብሎኬት ከተሸጠ ኪሳራ የለም ይላል። የመጋዘን ኪራይ፣ የጥበቃና የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ፣ የማሽን እርጅናና የብድር ወለድ ተደምረው ቋሚ ወጪው በወር 80,000 ብር ነው። የአንዱ ብሎኬት መሸጫ 40 ብር ነው። ባለሙያ የተባለው ሰው 80,000ን ለ40 አካፍሎ 2,000 አገኘና ገጹን ዘጋ።

እስቲ 2,000 ብሎኬት ሸጠናል እንበል። እጃችን የገባው 80,000 ብር ነው፤ ኪራዩንና ደመወዙን ከፈልንበት፤ አለቀ። ሲሚንቶው በምን ተገዛ? አሸዋው በነፃ መጣ? ቀኑን ሙሉ ሲያቦኩና ሲደረድሩ የዋሉት የቀን ሠራተኞች በምርቃት ተሸኙ? እዚያው ሰነድ ገጽ 14 ላይ የአንድ ብሎኬት ጥሬ ዕቃና የቀን ሠራተኛ ክፍያ 32 ብር ተብሎ ተጽፏል። ስሌቱ ያለው ገጽ 31 ላይ ነው። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አልነበረም።

ከ40 ላይ 32 ሲነሳ 8 ብር ይቀራል። ቋሚ ወጪውን የሚሸፍነው ይህ 8 ብር እንጂ 40ው አይደለም። 80,000 ለ8 ሲካፈል 10,000 ብሎኬት ይሆናል፤ ከተጻፈው አምስት እጥፍ ማለት ነው። ዕቅዱ ራሱ በወር እሸጣለሁ የሚለው ደግሞ 9,000 ነው። 9,000 በ8 ሲባዛ 72,000 ብር ይመጣል። ስለዚህ ሁሉም ነገር እንደታሰበው ቢሳካ እንኳ በየወሩ 8,000 ብር ይከስራሉ። የብድሩ ዋና ገንዘብ ገና አልተነካም፤ እዚህ የተቆጠረው ወለዱ ብቻ ነው።

«ምርቱን ሲጨምሩ ይስተካከላል» የሚል መልስም ሰማሁ። ማሽኑ በቀን 400 ያወጣል፤ በ25 የሥራ ቀን 10,000። መብራት ሳይጠፋ፣ አንድም ብሎኬት ሳይሰበር፣ የወጣው ሁሉ ቢሸጥ ገና ዜሮ ላይ ናቸው። ደሴ ያለ ደንበኛ «እዚህ ድረስ አምጡልኝ» ቢል ደግሞ የዳገቱ የመኪና ኪራይ የሚወጣው ከዚያችው 8 ብር ነው። ለአንዱ ብሎኬት 1 ብር ብቻ ቢወጣ የሚያስፈልገው ሽያጭ ከ11,400 ያልፋል፤ ያን ያህል ማሽኑም አያመርትም።

ባለሙያው ገበያ ወርዶ ዋጋ መጠየቁን አልክድም፤ 32ቱም 40ውም ልክ ናቸው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ትክክለኛ ቁጥር ይዞ ለተሳሳተው ማካፈል!

ውሉ የሚፈረመው ማክሰኞ ነው። በመያዣነት የቀረበው የአንዱ ልጅ እናት ቤት ነው።