ዘሩ ከላይ ይነሳ ወይስ አይነሳ?

«እናቴ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 4 ጥማድ መሬት አላት። በሬ የላትም፣ እኔም የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ጎረቤታችን ጤፍ በእኩል ያርስላታል። ዘንድሮ ግን ዘሩ ከላይ ይነሳልኝ፣ ማዳበሪያውንም ግማሹን ክፈይ አላት። ልክ ነው? ወይስ ደካማ ናት ብሎ ሊበላት ነው?»

ልክ ነው። እንዲያውም እሺ ቢሉት የሚጠቀሙት እናትህ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ በኩንታል ላሳይህ።

4 ጥማድ ወደ 1 ሄክታር ይሆናል። ለአንድ ሄክታር ጤፍ 30 ኪሎ ዘር ተበተነ እንበል። አንድ ከረጢት ኤንፒኤስ፣ አንድ ከረጢት ዩሪያ ገባ። የሁለቱ ከረጢት ዋጋ 1 ኩንታል ተኩል ጤፍ ያስሸጣል ብለን እናስብ። ምርቱም 16 ኩንታል ሆነ።

እንደ አምናው ከሆነ ዘሩም ማዳበሪያውም የአራሹ ነው። ምርቱ ለሁለት ይከፈላል፣ እናትህ 8 ኩንታል ያስገባሉ። እሱም 8 ያገኛል። ግን ከዚያ ላይ ዘሩን እና ማዳበሪያውን ሲቀንስ የሚቀረው 6 ኩንታል ከ20 ኪሎ ነው። በሬውም ጉልበቱም ከዚህ ውስጥ ነው የሚታሰበው።

አሁን በጠየቀው መንገድ እንየው። ከ16ቱ ኩንታል ላይ 30 ኪሎው መጀመሪያ ይነሳና ለእሱ ይመለሳል። የቀረው ሲከፈል ለእያንዳንዳቸው 7 ኩንታል ከ85 ኪሎ ይደርሳቸዋል። እናትህ የማዳበሪያ ድርሻቸውን 75 ኪሎ ሲያወጡ 7 ኩንታል ከ10 ኪሎ ይቀራቸዋል። ለእሱም ያው ነው። ከአምናው ጋር ሲተያይ እናትህ 90 ኪሎ አጡ ማለት ነው። አንተን ያስደነገጠህም ይሄ ይመስለኛል።

ይሄ ሂሳብ ግን ምርቱ በሁለቱም መንገድ 16 ኩንታል ይሆናል ብሎ ነው የሚነሳው። አይሆንም።

ራስህን በአራሹ ቦታ አድርገው። ሁለተኛዋን ከረጢት በእጅህ ይዘሃል። ዋጋዋ 75 ኪሎ ጤፍ ነው። ማሳው ላይ ብትበትናት 1 ኩንታል ከ20 ኪሎ ትጨምራለች እንበል። ለመሬቱ ትርፍ ናት። አንተ ግን ከጭማሪው የሚደርስህ ግማሹ፣ 60 ኪሎ ነው። ያወጣኸው 75፣ ያገኘኸው 60። 15 ኪሎ ከሰርክ። ታዲያ ያቺን ከረጢት የት ትወስዳታለህ? ወደ ራስህ ማሳ ነዋ! ተንኮል ስላለብህ አይደለም፣ ልጆች ስላሉህ ነው። ዋጋዋን ለሁለት ብትጋሩ ግን ከኪስህ የሚወጣው 37 ኪሎ ተኩል ብቻ ነው። 60 ታገኛለህ፣ ትበትናታለህ።

ለዚህ ነው ማዳበሪያውን ሙሉ በሙሉ አራሹ ላይ የጣለ ባለመሬት ብዙ ጊዜ ያተረፈ እየመሰለው የሚከስረው። በዚህ ምሳሌ ምርቱ ከ14 ኩንታል ከ20 ኪሎ በታች ከወረደ እናትህ በአምናው ውል የሚያገኙት በአዲሱ ከሚያገኙት ያነሰ ነው። 13 ኩንታል ቢሆን ድርሻቸው 6 ተኩል ነው። ወጪ ሳይጋሩ ማለት ነው።

የእኔ አቋም አጭር ነው። ወጪውም ምርቱ በሚከፈልበት ልክ ይከፈል። ምርቱ እኩል ከሆነ ማዳበሪያውም እኩል ይሁን። ምርቱ በሲሶ ከሆነ ደግሞ ሲሶ የሚወስደው የወጪውን ሲሶ ይቻል። በነገራችን ላይ «በሲሶ» የሚባል ውል ከገባችሁ ሲሶው የማን እንደሆነ በግልጽ ተነጋገሩ። ባለመሬቱ መሬት ብቻ አምጥቶ ሲሶ የሚወስድበት አገር አለ። ባለመሬቱ በሬውንም ዘሩንም ችሎ፣ አራሹ ጉልበቱን ብቻ አዋጥቶ ሲሶ የሚያገኝበትም አለ። ቃሉ አንድ ነው፣ ውሉ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ወደ ዘሩ ልመለስ። «ከላይ ይነሳ» ማለት ዘሩን ሁለቱም እኩል ቻሉት ማለት ነው። ለጤፍ 30 ኪሎ ስለሆነ ብዙም አያጣላም። ስንዴ ቢሆን ለሄክታር 1 ኩንታል ተኩል ገደማ ነው የሚዘራው፣ ያን ጊዜ ነገሩ ይከብዳል። አንድ ነገር ግን አስተውል። ዘር የሚወጣው በክረምት፣ እህል በሚወደድበት ወቅት ነው። የሚመለሰው ደግሞ ከውቂያ በኋላ፣ እህል በሚረክስበት ጊዜ ነው። ኪሎው ያው ነው፣ ዋጋው ግን አይደለም። ልዩነቱን የሚሸከመው ዘሩን ያመጣው ሰው ነው። ገዝቶ ያመጣው እንደ ቁንጮ ያለ ምርጥ ዘር ከሆነማ ኪሎ በኪሎ መመለሱ ጭራሽ አያዋጣውም። እንደዚያ ከሆነ እናትህ የዘሩን ግማሽ ዋጋ ሲገዛ ይክፈሉት፣ ከላይ የሚነሳ ነገርም አይኖርም። ጭቅጭቁ ከአውድማው ይወጣል።

በሬውስ? ሰው አቅልሎ የሚያየው እሱን ነው። ጥማድ የሚለውን ቃል ልብ በለው። አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። 4 ጥማድ አንዴ ለመገልበጥ 4 ቀን ይፈልጋል። ጤፍ ደግሞ የደቀቀ አፈር ስለሚወድ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል። አምስት ብንል 20 የበሬ ቀን ነው። ጥንድ በሬ ለአንድ ቀን የተዋሰ ሰው ሁለት ቀን በጉልበቱ የሚመልስበት አካባቢ አለ፣ በዚያ ስሌት 20ው የበሬ ቀን 40 የሰው ቀን ሆነ። አረሙ፣ አጨዳው፣ ክመራው፣ ውቂያው ገና አልተነካም። በሬዎቹም የሚታረስበት ወራት ብቻ አይደለም የሚበሉት፣ ዓመቱን ሙሉ ይቀለባሉ። ግማሽ ምርት የሚወስድ አራሽ መሬቱን በነጻ እየበላ አይደለም።

እናትህ ወደፊት አንድ በሬ እንኳ ቢገዙ ከእሱ በሬ ጋር ይቀናጃል። ያኔ የበሬውን ግማሽ እሳቸው አዋጡ ማለት ነውና በእኩል መቆየት የለባቸውም። ድርሻቸው ይጨመር፣ ወይም ገለባው በሙሉ ለእሳቸው ይሁን።

አንተ የጻፍክልኝ ስለ ዘር እና ማዳበሪያ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የእኩል መሬት የሚጎዳው ሲካፈሉ ሳይሆን ክረምት ላይ ነው። አራሹ የራሱን ማሳ አስቀድሞ ይዘራል። የእናትህ ተራ እስኪደርስ ወቅቱ ያልፋል፣ አምስቴ መታረስ የነበረበት ሦስቴ ይታረሳል፣ አረሙም ጤፉን ከዋጠው በኋላ ይነቀላል። ምርቱ ሲያንስ «ዝናቡ ነው» ይባላል። እውነት ዝናቡ መሆኑን የምታውቀው አጠገቡ ያለውን የእሱን ማሳ አይተህ ነው። የእሱ ጤፍ ዘለላው ወርዶ የእናትህ አጥሮ ከቀረ ሁለቱም ላይ የዘነበው ያው ዝናብ ነው። ስለዚህ ውሉ ሲታሰር ስንቴ እንደሚታረስ እና በየትኛው ሳምንት እንደሚዘራ አብሮ ይነገር። ድርሻውን ከመቀነስ ይልቅ ይሄን ማስገባት ይበልጥ ይጠቅማቸዋል።

ጠባችን ለምን ሁልጊዜ ድርሻው ላይ እንደሚሆን ይገባኛል። «ባለመሬት» የሚለው ቃል የድሮውን ይዞብን ይመጣል። ያኔ ባለመሬቱ ጌታ፣ አራሹ ጭሰኛ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ባለመሬቱ ከምርቱ እስከ ሦስት አራተኛ እንዲወስድ ይፈቅድ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ያንን ሻረ፣ ሰው ቀጥሮ ማሳረስንም ከለከለ። ለጥቂቶች ብቻ በር ተወላቸው፤ ሌላ መተዳደሪያ ለሌላት ሴት፣ ለበሽተኛ፣ ላረጀ ሰው፣ ላልደረሱ ልጆች። ዛሬ መሬታቸውን በእኩል የሚሰጡትን ብታያቸው ብዙዎቹ እነዚሁ ናቸው። ባሏ የሞተባት፣ ጉልበቱ የደከመ፣ ልጁ ከተማ የገባበት። ባለመሬቷ ድሃ፣ አራሹ ባለ ሁለት ጥማድ በሬ ሆኖ ታገኘዋለህ። ስለዚህ «አራሹ ይበደላል» ብሎ መነሳትም፣ «ደካማዋን ሊበላት ነው» ብሎ መነሳትም ልክ አይመጣም። ያመጡትን መቁጠር ነው የሚያዋጣው።

አያቴ እኩል አራሽ ነበሩ። ልጅ ሆኜ አውድማ ላይ የማስታውሳቸው ቁና ይዘው ነው። የባለመሬቷን ቁና ከአፉ በላይ ቆልለው ከሞሉ የራሳቸውንም ቆልለው ይሞላሉ። ባለመሬቷ ካልመጡ ስፍሩን አይጀምሩም። አንድ ዓመት ሴትየዋ ታመው እስኪሻላቸው ድረስ ምርቱ ክምር ላይ እንዳለ ሁለት ሳምንት ቆየ። አያቴ በየማታው ሄደው እዚያው ያድሩ ነበር። ያኔ ምን አስጨነቃቸው እል ነበር። አሁን ሳስበው የጠበቁት እህሉን ብቻ አልነበረም፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚያርሱትን መሬትም ነበር።

ስለዚህ እናትህ እሺ ይበሉት። በምላሹ ሦስት ነገር ይጠይቁ። የእርሻው ብዛት እና የሚዘራበት ሳምንት ይነገር። ውሉ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ይሁን፤ ለአንድ ክረምት ብቻ የሚያርስ ሰው እርከን አይጠግንም፣ መሬቱን ለማሳረፍም ባቄላ ወይም ጓያ አይዘራበትም። ወረቀቱ ላይ ደግሞ በመሬቱ የመጠቀም መብት ያላቸው የቤተሰቡ አባላት ሁሉ ይስማሙ፣ ቀበሌው መሬት አስተዳደርም ይመዝግበው። የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 456 ይህንኑ ይጠይቅ ነበር፣ በ2016 በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷልና የአሁኑን አሠራር እዚያው መሬት አስተዳደር ጠይቀው ይፈራረሙ።

ውቂያው ሲደርስ ደግሞ አንተ ፈቃድ ወስደህ ውረድ። የምትሄደው ከውቂያው በፊት፣ ነዶው ሲከመር ቢሆን ይሻላል። ክምሩን ያየ ሰው ስንት ኩንታል እንደሚወጣው ይገምታል፣ ካልደረሰም ይጠይቃል። ገለባውን አትርሱት። የጤፍ ገለባ በክብደት ከእህሉ ይበልጣል፣ አራሹም ለበሬዎቹ ሲል ዝም ብሎ ጭኖ ይሄዳል። የእናትህ ቤት ግድግዳ ልስን የሚፈልግ ከሆነ፣ ጭቃው የሚቦካበት ጭድ ከዚያው ክምር ላይ ነው ያለው።