ኅዳር ላይ የሰጠነው ደም ዛሬ የለም

የግቢያችን ተማሪዎች፣ መምህራንና ሠራተኞች ሆይ፣ ማክሰኞ ግንቦት 11 እና ሐሙስ ግንቦት 13 ከጠዋቱ 2:30 እስከ ቀኑ 9:30 የደም ባንክ ባለሙያዎች በተማሪዎች መዝናኛ አዳራሽ ተገኝተው ደም ይቀበላሉ። ማስታወቂያው ይኸው ነው፤ በየሕንፃው መግቢያም ተለጥፏል። እኔ ግን በላቦራቶሪ ትምህርት ክፍል የማስተምር፣ በየልገሳው ቀን ጠረጴዛ የማነሣና ወንበር የምደረድር ሰው ነኝና ማስታወቂያው ላይ የማይጻፍ ጥቂት ነገር ልናገር። ቅር ሳትሰኙ ስሙኝ።

ኅዳር 20 ቀን ሰልፉ ከአዳራሹ በር አልፎ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ደርሶ ነበር። ክንዳቸው መታጠፊያ ላይ ጥጥ የተለጠፈላቸው ልጆች እየተሣሣቁ ፎቶግራፍ ሲነሡ አይቼ ደስ ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ደም ባነሣሁ ቁጥር የማገኘው መልስ አንድ ነው፦ «እኔ እኮ ሰጥቻለሁ።» እውነት ነው፣ ሰጥታችኋል። ያ ደም ግን ዛሬ የለም። ቀይ የደም ሴል በተለመደው ከረጢት ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቆየው 35 ቀን ነው። የኅዳር 20 ደም ታኅሣሥ 25 ላይ ጊዜው አብቅቷል፤ ከዚያ በፊት ለሰው ካልደረሰ ተወግዷል። ፕላትሌት የሚባለው፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ክፍል ደግሞ ከዚህም ያጥራል። በማቀዝቀዣ አይቀመጥም፤ በክፍል ሙቀት፣ በሚወዛወዝ መደርደሪያ ላይ ሆኖ ዕድሜው 5 ቀን ብቻ ነው። የደም ካንሰር ሕክምና ላይ ሆኖ ድዱና አፍንጫው መድማት ለጀመረ ሕፃን የሚሰጠው እሱ ነው። ለዚህ ሕፃን የባለፈው ወር ቸርነታችን ምንም አያደርግለትም።

ጤነኛ ሰው በሦስት ወር አንድ ጊዜ መለገስ ይችላል። ኅዳር 20 የሰጣችሁ ሁሉ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ እንደገና መስጠት ትችሉ ነበር ማለት ነው። ሁለት ወር ተኩል ዝም ብላችኋል። ይህን የምለው ልወቅሳችሁ ብቻ አይደለም፤ ሰኔ መጥቷል። ፈተናው አልቆ ሻንጣ ተሸክማችሁ ወደየቤታችሁ ስትሄዱ፣ ደም ባንኩ ከተማሪ የሚሰበስበው ደም አብሯችሁ እረፍት ይወጣል። ምጥና የመኪና አደጋ ግን ክረምት የላቸውም። ሐሙስ የምትሰጡት ቀይ ሴል እስከ ሰኔ 18 ያገለግላል። ከዚያ በኋላ ያለውን በየከተማችሁ ባለው ደም ባንክ መሙላት የእናንተ ፋንታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ከመካከላችን ደግ ልብ ያላቸው፣ ነገር ግን «ሰው ቸግሮት ሲጠሩኝ እሄዳለሁ» የሚሉ ብዙ ናቸው። የዱሮ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የደም ባንክ ሥራ ከቀይ መስቀል ወደ መንግሥት ከመዛወሩ በፊት አብዛኛው ደም የሚገኘው ከበሽተኛው ቤተሰብ ነበርና፣ አባትና ወንድም በሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሰው ሲለምኑ እናይ ነበር። ያ አሠራር ለምን እንደማያዋጣ በአንዲት ወላድ ላይ እንየው። እርግዝናው ሲገፋ ወደ ማሕፀን በየደቂቃው ግማሽ ሊትርና ከዚያም በላይ ደም ይሄዳል። ልጁ ከተወለደ በኋላ ማሕፀኑ አልኮማተር ካለ ያ ሁሉ የደም ሥር ክፍት ሆኖ ይቀራል። ከአንድ ሰው የሚወሰደው ደም 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ የእናንተ ሙሉ ከረጢት የዚያች እናት የአንድ ደቂቃ ፍሰት አይሞላም። ባሏ ስልክ ደውሎላችሁ፣ ከመኝታ ክፍል ወጥታችሁ፣ ታክሲ ይዛችሁ ብትደርሱ እንኳ ደማችሁ ወዲያው አይሰጣትም። መጀመሪያ ዓይነቱ መለየት፣ ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝም መመርመር አለበት። ይህ ሰዓታት ይፈልጋል። እሷን የሚያድናት ከመታመሟ በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ የገባው፣ ማን እንደሰጠው የማይታወቀው ደም ብቻ ነው። ሲጠሩ መምጣት ለለቅሶ ይሆናል፤ ለደም አይሆንም።

ሌላው ተግሳጼ ለመምጣት ሳይሆን ላለመምጣት ነው። ደም ልገሳን እንደ ነፃ ምርመራ የምትቆጥሩ አላችሁ። «ምናልባት የሆነ ነገር ካለብኝ ይነግሩኛል» ብላችሁ ከሆነ የምትመጡት፣ እባካችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምርመራው ሳያየው የሚያልፍባቸው ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት አሉ። በዚያ መካከል የተሰጠ ደም «ንጹሕ» ተብሎ ለሕፃን ሊሰጥ ይችላል። መጠይቁ ላይ ስለ ቅርብ ጊዜ ግንኙነት፣ ስለ መርፌ፣ ስለ ንቅሳት የሚጠየቀው ለሐሜት አይደለም፤ መሣሪያው የማያየውን የሚያየው የእናንተ እውነት ብቻ ስለሆነ ነው። ችግሩ አብሮ አደር አምስት ሆኖ መምጣቱ ነው፤ ጓደኛ ትከሻ ላይ ቆሞ እያየ ማን «አዎ» ብሎ ይጽፋል? ኅዳር ላይ አንድ ልጅ ደም ሰጥቶ፣ ብስኩቱን በልቶ ከወጣ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይቶ ብቻውን ተመለሰ። ወንበር እየደረደርኩ ነበር። ጆሮዬ ላይ ቀርቦ «የኔ ደም እንዳይሰጥ ማድረግ ይቻላል?» አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም። ነርሷ የከረጢቱን ቁጥር አይታ ለይታ አስቀመጠችው፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ። በዚያ ቀን ከነበሩት ሁሉ የማከብረው እሱን ነው። እናንተም እንዲሁ ማድረግ ትችላላችሁ። በዚህኛው ዙር መጠይቁ የሚሞላው በአንድ ጥግ፣ ሰው በየተራ እየገባ ይሆናል፤ ይህን አስቀድሜ ለምኜ አስፈቅጃለሁ።

ስለ ቁርስም አንድ ነገር ልበል፤ በየዘመቻው የሚወድቅ ሰው አይጠፋምና። ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ጎበዝ ነኝ ብሎ በባዶ ሆዱ የመጣው ነው። ፉል በዳቦም ይሁን ፍርፍር፣ በልታችሁ ኑ፤ ውኃም ጠጡ። ከሰጣችሁ በኋላ ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ተቀመጡ፤ ዘላችሁ አትነሡ። የዚያን ቀን ኳስ ይቅር። ሐሙስን የምትጾሙ ማክሰኞ ብትመጡ ይሻላል።

ዕድሜያችሁ 18 የሞላና ክብደታችሁ ከ45 ኪሎ የማያንስ ከሆነ ወደ ሰልፉ ግቡ። ጣታችሁ ተወግቶ አንዲት የደም ጠብታ ሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ ትጣላለች። ወደ ታች ብትሰምጥ ደማችሁ በቂ ነው፤ ላይ ብትንሳፈፍ ግን ደም ማነስ ሊኖር ስለሚችል ትመለሳላችሁ። በተለይ እኅቶቻችን ይህ ሲገጥማችሁ አንገታችሁን ደፍታችሁ አትውጡ፤ ወረቀት ይጻፍላችኋልና በማግስቱ የግቢውን ክሊኒክ አነጋግሩ። መታወቂያ አትርሱ። የግራው በር ተቆልፎ ስለሚቆይ በመመገቢያ አዳራሹ በኩል ዙሩ።